«ያዳልጣል» ማለት ሲበቃ፦ በአጭር ማስታወቂያ ትርጉም ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ወለል ሲወለወል የሚቆመውን ቢጫ ሰሌዳ ብዙ ተርጓሚ «ጥንቃቄ! እርጥብ ወለል» ብሎ ይመልሰዋል። ቃል በቃል ስህተት የለበትም። ነገር ግን እቃ ተሸክሞ የሚጣደፍ ሰው ወለሉ እርጥብ መሆኑን ካነበበ በኋላ «ታዲያ ምን ይሁን?» ብሎ ማሰብ ይቀረዋል። አማርኛ ለዚህ አንድ ቃል አለው፦ «ያዳልጣል»። እናት ልጇን የምታስጠነቅቀው በዚሁ ቃል ነው። የተበላሸ አሳንሰር ላይም «ለጊዜው ከአገልግሎት ውጪ ነው» ከሚለው ይልቅ «አይሠራም» ይበቃል። የመጀመሪያው ስህተት እንግዲህ ሰሌዳውን መተርጎም ነው፤ መተርጎም ያለበት እዚያ ቆሞ የሚያስጠነቅቅ ሰው የሚናገረው ቃል ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ሁለተኛው ነው። የአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ክልከላውም መጨረሻ ላይ ይወድቃል። አንድ የሕክምና ቤተ ሙከራ በር ላይ «ከተፈቀደላቸው ሠራተኞች በስተቀር / ወደዚህ ክፍል መግባት / በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ሰሌዳ አይቻለሁ። ዘጠኝ ቃል፣ ሦስት መስመር። ቦታ ስላልበቃ የመጨረሻው መስመር በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። ዓይን መሀል ላይ ሲያርፍ የሚያገኘው «ወደዚህ ክፍል መግባት» የሚለውን ነው፤ አስታማሚዎችም በሩን እየገፉ ይገቡ ነበር። «ለሠራተኛ ብቻ» ቢባል በሁለት ቃል፣ በትልቅ ፊደል፣ በአንድ መስመር ያልቃል። ክልከላው በግልጽ መነገር ካለበት «መግባት ክልክል ነው» ይጻፍ፤ መስመር መሰበሩ ግድ ከሆነ ደግሞ «ክልክል ነው» ከላይኛው መስመር በምንም መንገድ አይነስ።

ቦታ ለመቆጠብ ሲባል በር ላይ «ግፋ» ብሎ መጻፍም አለ። የሚያናግረው ወንድን ብቻ ነው፤ ለሴት «ግፊ» መሆን ነበረበት። «ይግፉ» ለሁሉም ይሆናል፣ የሚጨምረውም አንድ ፊደል ብቻ ነው።

የመጨረሻው ስህተት የሚሠራው ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው፣ ተርጓሚው ግን እጁን ማውጣት የለበትም። ረጅም ጽሑፍ እንዲገባ ፊደሉ ከጎንና ከጎን ይጨመቃል፣ ከዚያም እንዲታይ ተብሎ ይደምቃል። የ«ቤ» ቀለበት በቀለም ሲደፈን «ቢ» ይመስላል፤ «ሰ» ሲጨመቅ ከ«ለ» መለየት ያስቸግራል፤ «ሳብ» የሚለው ከሩቅ «ላብ» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ፊደል ከመጭመቅ ቃል መቀነስ ይሻላል።

እኔ ሥራውን ከማስረከቤ በፊት ጽሑፉን በእውነተኛ መጠኑ አትሜ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ። ስለ ጉዳዩ ምንም የማያውቅ ሰው ቆም ሳይል በአጠገቡ እንዲያልፍ አደርግና «ምን ማለት ይመስልዎታል?» ሳይሆን «እርስዎ ምን ያደርጋሉ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። መልሱን ለማግኘት ዞር ብሎ እንደገና ካነበበ፣ ትርጉሙን እንደገና እሠራዋለሁ።