ሳያዘገይ ለከፈለ የቆየ ተከራይ የኪራይ ጭማሪ ደብዳቤ ሲጻፍ የሚሠሩ ስህተቶች

ቤታቸውን ለሚያከራዩ ሰዎች ውልና ደብዳቤ በማዘጋጀት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ከሁሉም ደብዳቤ የሚከብደው ለመጥፎ ተከራይ የሚጻፈው ይመስላል፤ ግን አይደለም። የሚከብደው ለሰባት ዓመት በየወሩ በቀኑ ለከፈለ፣ ጎረቤት ለማያስቸግር፣ ቤቱን እንደራሱ ለያዘ ሰው «ኪራዩ ጨምሯል» ብሎ መጻፍ ነው። ረቂቁን አምጥተው የሚያሳዩኝ አከራዮች አብዛኞቹ ቀና ሰዎች ናቸው፤ ተከራያቸውን ይወዱታል፣ እንዳይሄድባቸውም ይፈራሉ። ሆኖም ደብዳቤው ውስጥ ያው ስህተት ይደጋገማል።

ባዶ ምስጋና

ረቂቁ ሁልጊዜ እንዲህ ይጀምራል፦ «ላለፉት ዓመታት ላሳዩን ታማኝነትና መልካም ጠባይ ከልብ እናመሰግናለን።» ከዚያ ሌላ ሁለት ዓረፍተ ነገር ምስጋና ይከተላል። ቀጥሎ «ይሁን እንጂ» ይመጣና አዲሱ ኪራይ ይጻፋል፤ መጠኑም በየወሩ ሲለመን ለሚከፍለው ለጎረቤቱ ተከራይ ከተጻፈው ጋር እኩል ነው።

ይህን ማየት በእውነት ያበሳጨኛል። ሰባት ዓመት ማለት 84 ክፍያ ነው። ሰውየው 84 ጊዜ ሌላ ጉዳዩን ወደ ኋላ ትቶ ኪራዩን አስቀድሟል። ይህን ማድረጉን እርሱ ራሱ ያውቀዋል፣ ማንም እንዲነግረው አይፈልግም። ደብዳቤው ጠባዩን አሞግሶ በመጠኑ ላይ ግን ከሌላው ምንም ካልለየው፣ ምስጋናው ስድብ ሆኖ ይሰማዋል። አንዲት ተከራይ ደብዳቤውን ይዛ መጥታ «ሳዘገይ ብኖር ኖሮ ስንት ይጨምሩብኝ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱ «ያንኑ ያህል» ነበር፤ መመለስ አልቻልኩም። በሁለተኛው ወር ለቀቀች።

ጥሩ የክፍያ ታሪክ በደብዳቤው ውስጥ የሚታይ ክብደት ሊኖረው ይገባል። የሚታይባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው፦ ጭማሪውን ለአዲስ ተከራይ ከሚጠየቀው ዝቅ ማድረግ፣ ማስታወቂያውን ሕጉ ከሚያስገድደው ጊዜ በላይ አስቀድሞ መስጠት፣ ወይም አዲሱ ኪራይ ለተወሰነ ጊዜ እንደማይነካ በጽሑፍ ቃል መግባት። ከነዚህ አንዱን እንኳ መስጠት የማይቻል ከሆነ ምስጋናውን ወደ አንድ ዓረፍተ ነገር አሳጥሮ መጨረሻ ላይ ማድረግ ይሻላል። መስጠት ሲቻል ግን ምክንያቱን ከቁጥሩ ጋር አያይዞ መጻፍ ነው፦ «ባለፉት 84 ወራት አንድም ክፍያ ስላልዘገየ፣ ጭማሪውን 8 በመቶ ብቻ አድርገነዋል።» ይህ ዓረፍተ ነገር ከሦስት አንቀጽ ሙገሳ ይበልጣል፤ ተከራዩ ያደረገው ነገር ዋጋ እንዳገኘ በዓይኑ ያያል።

ሳያሰሉ ትልቁን ቁጥር መጻፍ

«ለምን ልቀንስለት? ሌላ ሰው 12,500 ይከፍለኛል» የሚሉኝ አሉ። ወረቀት እናወጣና አብረን እናሰላለን።

አሁን ያለው ኪራይ 10,000 ነው እንበል። በ8 በመቶ ጭማሪ 10,800 ይሆናል፤ በዓመት 129,600 ያስገባል። ተከራዩ ለቆ ቤቱ ሁለት ወር ባዶ ቢቀመጥና ከዚያ በ12,500 ቢከራይ፣ በዚያ ዓመት የሚገባው የአሥር ወር ኪራይ፣ 125,000 ነው። ከዚህ ላይ ለደላላ የአንድ ወር ኪራይ፣ 12,500፣ ለቀለምና ለጥገና ደግሞ 10,000 ሲነሳ 102,500 ይቀራል። በመጀመሪያው ዓመት አከራዩ 27,100 ጎድሎበታል። ከዚያ በኋላ በየወሩ የሚያገኘው ብልጫ 1,700 ስለሆነ ጉድለቱን ለመሙላት 16 ወር ያህል ይፈጅበታል። ሁለቱም ኪራይ በመሀል ባይለወጥ፣ አሮጌው ተከራይ ከወጣ ሁለት ዓመት ከአራት ወር እስኪሞላ ድረስ ትርፍ የለም። ይህም አዲሱ ሰው በቀኑ የሚከፍል ከሆነ ነው።

ቤቱ በሳምንት ውስጥ የሚያዝ ዓይነት ከሆነ ስሌቱ ይለወጣል፣ አልክድም። ለዚህ ነው ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት የራስን ቁጥር ማስገባት የሚያስፈልገው፦ ቤቱ ባለፈው ጊዜ ስንት ሳምንት ባዶ ቆየ? ለማደስ ስንት ወጣ?

የማስታወቂያ ዋጋን እንደ ማስረጃ ማቅረብ

«በአካባቢው ያሉ ቤቶች በዚህ ዋጋ እየተከራዩ ነው» ብሎ መጻፍ የተለመደ ነው። በማስታወቂያ ላይ የሚታየው ግን አከራዩ የሚመኘው እንጂ ውል የተፈረመበት ዋጋ አይደለም። ከዚያም በላይ የሚነጻጸረው ቤት ብዙ ጊዜ የታደሰ ነው፤ የእኛ ተከራይ የሚኖረው ደግሞ ሰባት ዓመት ቀለም ባልነካው ቤት ውስጥ ነው፤ ልዩነቱን ከማንም በላይ ያውቃል። ምክንያት መጥቀስ ካስፈለገ በሰነድ የሚታይ አንድ ምክንያት ይበቃል፦ የንብረት ግብር መጨመር፣ የጥበቃ ወይም የጋራ አገልግሎት ክፍያ። የአከራዩን የግል ችግር፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያንና የባንክ ዕዳን መዘርዘር ግን ደብዳቤውን ልመና ያደርገዋል።

ለዓመታት ዝም ብሎ ድንገት መዝለል

ይህን ስህተት እኔም በራሴ ቤት ሠርቼዋለሁ። ጥሩ ተከራይ ነበረኝ፤ ቅር እንዳይለው ብዬ አምስት ዓመት ምንም አልጨመርኩም። በመጨረሻ ወጪው ሲከብደኝ በአንድ ደብዳቤ 28 በመቶ ጨመርኩ። ለእኔ ያለፉት ዓመታት ድምር ነበር፤ በየዓመቱ 5 በመቶ ብጨምር በአምስተኛው ዓመት 10,000 የነበረው ወደ 12,763 ይደርስ ነበር፤ ልዩነቱ ይህን ያህልም አይደለም። ለእርሱ ግን ያለፉት አምስት ዓመታት ተለምደው አልቀዋል፤ የሚሰማው የዛሬው ዝላይ ብቻ ነው። ሲወጣ የተናገረው እስካሁን ከልቤ አልወጣም፦ «በየዓመቱ ትንሽ ብትነግረኝ እዘጋጅ ነበር።»

ቀድሞውኑ ዘግይተው ከሆነ ክፍተቱን በአንድ ጊዜ ለመዝጋት አይሞክሩ። በሁለት ወይም በሦስት እርከን ይከፋፍሉትና የእያንዳንዱን እርከን መጠንና ቀን በዚያው ደብዳቤ ይጻፉ።

ድፍን ያለ ቀን

«ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ» የሚል ሐረግ ያጣላቸውን ሰዎች ቁጥር አላስታውስም። ደብዳቤው በወሩ 25 ተጽፎ በሚቀጥለው ወር 3 ቢደርስ የትኛው ወር ነው? የማስታወቂያ ጊዜ በብዙ ቦታ የሚቆጠረው ተከራዩ ደብዳቤውን ከተቀበለበት ቀን እንጂ ከተጻፈበት ቀን አይደለም። ስለዚህ አዲሱ ኪራይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከፈልበትን ቀን፣ የመጨረሻውን በአሮጌው ዋጋ የሚከፈል ወርም ጭምር ይጥቀሱ። ከመጻፍዎ በፊት ደግሞ ውሉን ያንብቡ። ውሉ ለተወሰነ ጊዜ ከሆነና የጭማሪ አንቀጽ ከሌለው ጊዜው ሳያልቅ መጨመር በአብዛኛው አይቻልም። በአካባቢው ሕግ የጭማሪ ጣሪያ ወይም የማስታወቂያ ጊዜ ከተወሰነ፣ ምንም ያህል ትሕትና ያለው ደብዳቤ ያንን አያልፍም።

መልስ ያላገኘ ጥገና እያለ መላክ

ቧንቧው ያንጠባጥባል ብሎ ከሁለት ወር በፊት ለነገረ ሰው የጭማሪ ደብዳቤ አይላክም። መጀመሪያ ቧንቧው ይሠራ።

«የማይስማሙ ከሆነ ቤቱን እንዲለቁ»

ይህን ዓረፍተ ነገር ይሰርዙት። የመልቀቅ መብቱን ተከራዩ ያውቃል፤ ከአከራዩ ሲመጣ ግን ማስፈራሪያ ነው።

ስለ ማስያዣ ዝም ማለት

ኪራዩ ሲጨምር ማስያዣውም ይጨምር እንደሆነ ተከራዩ ወዲያው ያስባል። እንዳለ የሚቆይ ከሆነ በአንድ መስመር ይጻፉለት።

ሁሉንም ነገር ያሟላ ደብዳቤ ረጅም አይደለም። በቅርቡ ለአንድ አከራይ ያስተካከልኩት ይህን ይመስል ነበር፤ ስሙን፣ አድራሻውንና ቀኖቹን አውጥቻለሁ፦

«ጉዳዩ፦ የቤት ኪራይ ማስተካከያን ይመለከታል

የወር ኪራይዎ ከ10,000 ወደ 10,800 ከፍ እንደሚል በአክብሮት እናሳውቃለን። አዲሱ ኪራይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከፈለው በ___ ቀን ሲሆን፣ እስከ ___ ወር ድረስ ያለው በነባሩ ዋጋ ይከፈላል። የጭማሪው ምክንያት የሕንፃው የጋራ አገልግሎት ክፍያ መጨመር ነው።

ባለፉት 84 ወራት አንድም ክፍያዎ ስላልዘገየ ጭማሪውን 8 በመቶ ብቻ አድርገነዋል፤ ከዚያ በኋላ ለ18 ወር አይለወጥም። ማስያዣውና የቀሩት የውሉ አንቀጾች እንዳሉ ይቆያሉ።

በመጠኑም ሆነ በጊዜው ላይ ሊያነጋግሩን ከፈለጉ እስከ ___ ቀን ድረስ ደስ እያለን እንጠብቃለን። ቤቱን በጥንቃቄ ስለያዙልን እናመሰግናለን።»

መጠኑ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ መሆኑን ልብ ይበሉ። ተከራዩ ፖስታውን ሲከፍት የሚፈልገው እሱን ነው፤ እስኪያገኘው ድረስ የተጻፈውን ሌላ ነገር አያነበውም።

ደብዳቤውን በር ሥር አስገብቶ መሄድም ለሰባት ዓመት ጎረቤት አይሆንም። ከመድረሱ አንድ ቀን በፊት በአካል ወይም በስልክ ይንገሩት፣ ከዚያ ወረቀቱን በእጁ ሰጥተው የተቀበለበትን ቀን በቅጂው ላይ ያስፈርሙ። «10,500 ይሁንልኝ» ብሎ ቢመለስ አይቆጡ። ልዩነቱ በዓመት 3,600 ነው፤ ከላይ ካሰላነው የባዶ ቤት ኪሳራ ጋር አስተያይተው ይወስኑ። የተስማሙበትን በአንድ ገጽ የውል ማሻሻያ ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት፤ አንዱ ቅጂ ከዋናው ውል ጋር ይያያዝ፣ ሌላው ለተከራዩ ይሰጥ።