ትዕዛዝና ክምችትን አታለያዩ

ሱሉልታ ላይ ሁለት ሦስት ሆናችሁ የወተት ማዘዣ ዌብሳይት እየጀመራችሁ ነው? ሁሉንም በአንድ አፕሊኬሽንና በአንድ ዳታቤዝ ሥሩት።

ደንበኛ 20 ሊትር ሲያዝ ትዕዛዙ ይመዘገባል፣ ከክምችቱም 20 ይቀነሳል። ዳታቤዙ አንድ ከሆነ ሁለቱን በአንድ ትራንዛክሽን ታስሯቸዋላችሁ። ሰርቨሩ መሃል ላይ ቢወድቅ ሁለቱም እንዳልነበሩ ይሆናሉ። ትዕዛዝና ክምችት የየራሳቸው ሰርቪስና ዳታቤዝ ካላቸው ግን ትዕዛዙ ተመዝግቦ የመቀነሱ ጥያቄ ኔትወርክ ላይ ሊቀር ይችላል። ያኔ የሌለ ወተት ትሸጣላችሁ። ይህን የሚያስታርቅ ኮድ መጻፍ ለትንሽ ቡድን ከባድ ሸክም ነው።

ኮዱን ግን ከመጀመሪያው በየክፍሉ ለዩት። የትዕዛዝ ክፍሉ የክምችቱን ቴብል በቀጥታ አይንካ፤ በፈንክሽን ይጠይቅ። ኋላ መለየት ካስፈለገ መቁረጫው እዚያ ነው።

ለደንበኛው የሚላከው ኤስኤምኤስ ብቻ ትራንዛክሽኑ ውስጥ አይግባ። ምዝገባው ካለቀ በኋላ ይላክ፤ የተላከ መልእክት አይመለስም።