የጋቢ ማስታወቂያ ስናርም የምንሠራቸው ስህተቶች

«ምርጥ፣ ልዩ እና ውብ የአበሻ ጋቢ! በከፍተኛ ጥራት የተሠራ። 100% በእጅ የተፈተለ ንጹሕ ጥጥ። በጣም ለስላሳና ሞቃት። ትልቅ ሳይዝ። ዕድሜ ልክ የሚያገለግል። እንዳያመልጥዎ!»

እንዲህ ያለ ጽሑፍ በኦንላይን ሱቆችና በቴሌግራም ቻናሎች ላይ ሞልቷል። የሚጽፉት ሰዎች አብዛኞቹ ቅን ነጋዴዎች ናቸው፤ ዕቃቸውም ጥሩ ነው። ችግሩ ጽሑፉ ስለ ጋቢው ምንም አለመናገሩ ነው። አንዲት ሴት ፍራንክፈርት ተቀምጣ ለእናቷ ጋቢ ልትገዛ ትፈልጋለች እንበል። ሽሮ ሜዳ ብትሆን ኖሮ ጨርቁን በጣቷ ታሸዋለች፣ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ ሽመናውን ታያለች፣ ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ ክብደቱን ትገምታለች። ኦንላይን ላይ ይህ ሁሉ የለም። ፎቶውና ጽሑፉ ብቻ ናቸው ያሏት። ስለዚህ ጽሑፉ እጇ ሊነግራት የሚችለውን መናገር አለበት።

ይህንኑ ጽሑፍ ይዘን እናርመው።

«ምርጥ» የሚለውን በሌላ ሙገሳ መተካት

ብዙ ሰው እርማት ሲባል «ምርጥ» የሚለውን አውጥቶ «እጅግ ተመራጭ» ይጽፋል። ይህ እርማት አይደለም። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ዓረፍተ ነገሩን ቀድታችሁ በሌላ ሻጭ ጋቢ ሥር ለጥፉት። እዚያም ልክ ከሆነ፣ ስለ እናንተ ጋቢ አልተናገረም ማለት ነው። «ምርጥ፣ ልዩ እና ውብ» የሚለው በቀሚስም በጫማም ሥር ይሄዳል። ይውጣ።

«ከፍተኛ ጥራት» ግን ወዲያው ባይጣል ይሻላል። ሻጩ ይህን ሲጽፍ አብዛኛውን ጊዜ በልቡ አንድ ነገር አለ። እሱን ጠይቁት፦ ከጎረቤትህ ሱቅ ጋቢ ይህን የምታስበልጠው በምንድነው? «ሽመናው ጠበቅ ያለ ነው» ሊል ይችላል። «ወደ መስኮት ስታነሡት ብርሃን አያሳልፍም» ሊል ይችላል። መጻፍ ያለበት ይህ መልስ ነው። መልስ ካጣ «ከፍተኛ ጥራት» የሚለውም ይሰረዝ።

ስለ ክሩ ያላጣሩትን መጻፍ

ትልቁ ስህተት ያለው እዚህ ነው። «100% በእጅ የተፈተለ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ እውነት አይደለም፤ ሻጩም እውነት እንዳልሆነ ላያውቅ ይችላል።

ጨርቅ ድርና ማግ አለው። ድሩ በሽመናው ዕቃ ላይ በቁመት ተወጥሮ የሚቆየው ክር ነው። ማጉ በመወርወሪያ ከጎን ወደ ጎን የሚገባው ነው። ድሩ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ይወጠራል፣ ይፋተጋል። በእንዝርት የተፈተለ ክር አንድ ቦታ ቀጭን፣ ሌላ ቦታ ወፍራም ስለሚሆን ቀጭኑ ጋ ቶሎ ይበጠሳል። ስለዚህ ብዙ ሸማኔ ለድር የፋብሪካ ክር ይጠቀምና በእጅ የተፈተለውን ለማግ ያደርገዋል። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ ጨርቁን የሚያጠነክር የሥራ ዘዴ ነው። ነገር ግን ድሩ የፋብሪካ ከሆነ «100% በእጅ የተፈተለ» ማለት አይቻልም። «በእጅ የተሸመነ» ማለት ይቻላል። ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ነው፤ መሸመንና መፈተል ግን የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

እንዴት ይታወቃል? መጀመሪያ ሸማኔውን ጠይቁ፦ «ድሩ የምን ክር ነው? ማጉስ?» ከዚያ ከጨርቁ ጫፍ በቁመትም በአግድምም አንድ አንድ ክር መዝዛችሁ ብርሃን ላይ ተመልከቱ። የፋብሪካው ክር ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ውፍረት አለው። የእጁ ክር እዚህም እዚያም እብጥ ይላል፣ ይቀጥናል። እንዳያችሁት ጻፉ፦ «ማጉ በእጅ የተፈተለ ጥጥ ነው፣ ድሩ የፋብሪካ የጥጥ ክር ነው።» ይህ ዓረፍተ ነገር ከ«100%»ው ይልቅ ገዢ ያሳምናል። የሚያውቅ ሰው እንደጻፈው ያስታውቃልና።

ጥለቱን ረስቶ «ንጹሕ ጥጥ» ማለት

የጋቢው ነጩ ክፍል ጥጥ ሆኖ ጥለቱ ሰው ሠራሽ ክር ሊሆን ይችላል። ይህንን በቤት ውስጥ መፈተሽ ይቻላል። ከጥለቱ አንድ ክር መዝዛችሁ በወረንጦ ያዙና፣ ከዕቃው ርቃችሁ፣ ውሃ አጠገባችሁ አድርጋችሁ አቃጥሉት። ጥጥ እንደ ወረቀት እየሸተተ ይነድና በጣት ሲነካ የሚበተን ግራጫ አመድ ይተዋል። ሰው ሠራሽ ክር ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይሆናል።

ፈተናው ወሰን አለው። ሬዮን የሚባለው ክር እንደ ጥጥ ስለሚነድ በዚህ ዘዴ አይለይም። አክሪሊክን ከፖሊስተር በእርግጠኝነት መለየትም ይከብዳል። የክሩን ትክክለኛ ስም ክር ሻጩ ጋ ጠይቁ፣ ማሸጊያውም ላይ ፈልጉ።

ይህ ለጨዋነት ብቻ የሚደረግ አይደለም። ወደ ውጭ ለሚሸጥ ሰው የሕግም ጉዳይ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 1007/2011 መሠረት «100%» ወይም «ንጹሕ» የሚሉት ቃላት ከአንድ ዓይነት ክር ብቻ ለተሠራ ጨርቅ የተጠበቁ ናቸው። ኦንላይን ለሚሸጥ ጨርቅም ገዢው ከመክፈሉ በፊት ጨርቁ ከምን እንደተሠራ ማየት አለበት። አሜሪካም በ1958 እ.ኤ.አ. የወጣ የጨርቃ ጨርቅ መለያ ሕግ አላት። እኛም ጋ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለ ዕቃ አሳሳች መረጃ መስጠትን ይከለክላል።

«ትልቅ ሳይዝ» ብሎ ማለፍ

ለማን ትልቅ? ሜትር አውጡ። ጋቢውን ጠረጴዛ ወይም ንጹሕ ወለል ላይ ዘርጉት፣ ሳትጎትቱ ርዝመቱንና ወርዱን ለኩ። ዘርፉን ጨምራችሁ ከሆነ ጨምራችሁ እንደሆነ ጻፉ። ከዚያ ሚዛን ላይ አስቀምጡት። ክብደት ብዙ ሻጭ የሚዘለው ቁጥር ነው፤ ለጋቢ ግን ከርዝመቱ እኩል ይጠቅማል። መጠናቸው አንድ የሆነ ሁለት ጋቢዎች አንዱ 1 ኪሎ፣ ሌላው 1.4 ኪሎ ቢመዝኑ ገዢው የትኛው ወፍራም እንደሆነ ሳይነካ ያውቃል። «በጣም ሞቃት» የሚለውን የሚተካውም ይኸው ክብደትና «ባለ አራት እጥፍ» የሚለው ቃል ነው።

አንድ ነገር ይቀራል፦ ጥጥ ሲታጠብ ገብቶ ያጥራል። ከያዛችሁት ዕቃ አንዱን ገዢው በሚያጥብበት መንገድ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ እንደገና ለኩ። 2.30 ሜትር የነበረው 2.18 ከሆነ በርዝመት 5 በመቶ ያህል ገብቷል ማለት ነው። ይህንን ጻፉ። ገዢዋ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ደንግጣ ከምትደውል ቀድማ ብታውቀው ይሻላል። እያንዳንዱ ጋቢ በእጅ ስለሚሠራም ልክ እኩል አይወጣም። ከያዛችኋቸው አምስት ስድስቱን ለክታችሁ በትንሹና በትልቁ መካከል ያለውን ልዩነት ግለጹ።

እብጠቱን መደበቅ

በእጅ በተፈተለ ማግ የተሸመነ ጨርቅ ላይ ትናንሽ እብጠቶች ይታያሉ፣ አልፎ አልፎም የክር ቋጠሮ አለ። ቀለሙም እንደ ወረቀት አይነጣም፤ ክሬም ይመስላል። ሻጩ ይህን ይፈራና ፎቶውን በስልኩ አንጥቶ፣ በጽሑፉ «እንከን የለሽ» ይላል። ዕቃው ሲደርስ ገዢዋ እብጠቱን አይታ ተበላሽቷል ብላ ትመልሳለች። የመላኪያውን ኪሳራ የሚሸከመው ሻጩ ነው። «ማጉ በእጅ ስለተፈተለ ትናንሽ እብጠቶች ይታያሉ» የሚል አንድ መስመር ይህን ያስቀራል። አንዷን እብጠት ቀረብ ብሎ የሚያሳይ ፎቶ ቢጨመርበት ደግሞ የተሻለ ነው። ቀዳዳ ወይም እድፍ ያለበት ግን ከዚህ አይቆጠርም፤ እሱ ለብቻው፣ ጉድለቱ ተጽፎ፣ በቅናሽ ይሸጥ።

«ዕድሜ ልክ» ማለት

ይህን ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። በምትኩ ጋቢውን ረጅም ጊዜ የሚያቆየውን ነገር ጻፉ፦ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠብ፣ በማድረቂያ ማሽን አይድረቅ፣ ባለ ቀለም ጥለት ያለው መጀመሪያ ለብቻው ይታጠብ። ጥለቱ ቀለም ይለቅ እንደሆነ ለማወቅ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ወስዳችሁ ጫን አድርጋችሁ እሹት። ነጩ ጨርቅ ቀለም ከያዘ ተናገሩ። «እንዳያመልጥዎ»ም ይውጣ። ሦስት ብቻ ቀርተው ከሆነ «ሦስት ቀርተዋል» በሉ፤ ካልሆነ ዝም ማለት ይሻላል።

ሁሉንም ጠርጎ ቁጥር ብቻ መተው

ማጋነኑን ያወጣ ሰው አንዳንዴ ወደ ሌላኛው ጫፍ ይሄዳል። ጽሑፉ የመጋዘን መዝገብ ይመስላል። ቁጥሩ ምን እንደሚጠቅም የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ይኑር። «ለረጅም ሰው ትከሻ ተከናንቦ እስከ ጉልበት ይወርዳል» የሚለው ሞቅ ያለ ነው፤ አንድ ረጅም ሰው ለብሶት ከታየ ደግሞ እውነት ነው። ቅደም ተከተሉንም አስቡ። በስልክ ለሚያነብ ሰው መጀመሪያ የሚታየው ሁለትና ሦስት መስመር ነው። ምን እንደሆነ፣ ከምን እንደተሠራ፣ ስንት እንደሚለካ እዚያ ይግባ።

ከእርማቱ በኋላ ጽሑፉ ይህን ይመስላል፦

«ባለ አራት እጥፍ ጋቢ፣ በእጅ የተሸመነ። ማጉ በእጅ የተፈተለ ጥጥ፣ ድሩ የፋብሪካ የጥጥ ክር፣ ጥለቱ አክሪሊክ። ርዝመት 2.30 ሜትር፣ ወርድ 1.50 ሜትር፣ ክብደት 1.4 ኪሎ። በእጅ ስለሚሠራ በርዝመትም በወርድም እስከ 5 ሳንቲሜትር ሊለያይ ይችላል። በመጀመሪያው እጥበት በርዝመቱ 5 በመቶ ያህል ይገባል። ሽመናው ጠበቅ ያለ ነው፤ ለረጅም ሰው ትከሻ ተከናንቦ እስከ ጉልበት ይወርዳል። ቀለሙ ክሬም ነጭ ነው፤ ትናንሽ የክር እብጠቶች ይታያሉ (4ኛውን ፎቶ ይመልከቱ)። በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠብ፣ በማሽን አይድረቅ።»

አዲስ ዕቃ ሲገባ ይህንኑ ጽሑፍ ሳያዩ መለጠፍ ሌላ ስህተት ነው። ሸማኔው ክር ቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ ከአዲሱ አንዱን መዝኑ፣ ለኩ፣ ከጥለቱም አንድ ክር አቃጥሉ። ገዢዎች ደግሞ «ጥለቱ በሁለቱም ጫፍ ነው?» እያሉ ደጋግመው የሚጠይቁ ከሆነ መልሱ ከጽሑፉ ጎድሏል ማለት ነው፤ ከልኩ ቀጥሎ አስገቡት።