ለፀጉር ቤት ዕቃ ብድር ሲጠየቅ ቢዝነስ ፕላኑ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የብድር ባለሙያ ቢዝነስ ፕላን ሲያገላብጥ የሚፈልገው አንድ መልስ ነው፤ ገበያ በቀዘቀዘበት ወርም ክፍያው ይገባል ወይ?

ብዙዎች የሚሳሳቱት የዓመቱን ገቢ በበዓል ሰሞን ገበያ ሲያሰሉ ነው። አንዲት ባለሙያ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ፀጉር ቤት ልትከፍት ነው እንበል። በቀን 15 ደንበኛ፣ ከአንዷ 250 ብር፣ በወር 26 ቀን ብላ 97,500 ብር ትጽፋለች። ያን ያህል ሰው የሚመጣው ግን ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ ዋዜማ ነው። በአዘቦት ቀን 5 ደንበኛ ብታገኝ የወሩ ገቢ 32,500 ብር ነው። በዐቢይ ጾም የኦርቶዶክስ ሠርግ ስለማይኖር ደንበኛው ወደ 3 ቢወርድ 19,500 ብር ይሆናል። ኪራይ፣ የረዳት ደመወዝ፣ ሻምፖና ቅባት፣ መብራትና ውሃ 18,500 ብር ከወሰዱ የሚተርፋት 1,000 ብር ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሌላ ስህተት ይደረባል፤ የራስን የቤት ወጪ አለመጻፍ። ለቤቷ 6,000፣ ለብድሩ 6,000 ብር ካስፈለጋት በጾሙ ወር 11,000 ብር ይጎድላታል። ጾሙ 55 ቀን ስለሆነ ለሁለት ወር 22,000 ብር መያዝ አለባት። መፍትሔው 12ቱን ወራት ለየብቻ መጻፍና ጉድለቱ በምን እንደሚሸፈን ማሳየት ነው። በጥር የሠርግ ወቅት በቀን 9 ደንበኛ ብታስተናግድ፣ የዕቃ ወጪዋ በ4,000 ብር ቢጨምር እንኳ፣ ቤቷንና ብድሩን ችላ 24,000 ብር ይተርፋታል። ጉድለቱን ራሷ ቀድማ ያወጣች አመልካች፣ ባለሙያው አግኝቶ ከሚጠይቃት ይልቅ ትታመናለች። ቁጥሮቹም ከየት እንደመጡ ይጻፉ፦ ተቀጥራ ስትሠራ የያዘችው የደንበኛ መዝገብ፣ ወይም በአካባቢው ያሉ ፀጉር ቤቶች የሚያስከፍሉት ዋጋ።

የዕቃ ዝርዝሩም በካስክ፣ በፎን፣ በመስታወትና በማጠቢያ ወንበር ብቻ አይለቅ። በከተማዋ ዳር ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶና የቧንቧ ሥራ ከሌለ ማጠቢያው አይሠራም። ሁለት ሦስት ካስክ አንድ ላይ ሲበራ የቤቱ መስመር ይችል እንደሆነም ኤሌክትሪሻን ይየውና ወጪው ይካተት። ይህ ከተረሳ፣ ዕቃው ገብቶ ሥራው ሳይጀመር ገንዘቡ ያልቃል። ፕሮፎርማው ላይ የዕቃው ዓይነትና ሞዴል ተለይቶ ይጻፍ፤ አበዳሪው ብዙ ጊዜ ገንዘቡን በቀጥታ ለሻጩ ስለሚከፍል የተድበሰበሰ ፕሮፎርማ ጉዳዩን ያጓትታል።

የሱቁ ውል የአንድ ዓመት፣ ብድሩ የሦስት ዓመት ከሆነ ደግሞ ባለሙያው መጠየቁ አይቀርም። ከማመልከት በፊት አከራዩን አነጋግሮ የሚታደስበትን ሁኔታ ውሉ ውስጥ ማስገባት፣ ካልሆነም የመዛወሪያውን ወጪ በፕላኑ መያዝ ያስፈልጋል።