ማታ ማታ ኢንተርኔቱ ሲጎተት፦ ጥፋተኛውን ሳይለዩ የሚሠሩ ስህተቶች

የኮንዶሚኒየም ኢንተርኔት ልሠራ ስጠራ ሰዎቹ ፍርዱን ጨርሰው ነው የሚጠብቁኝ። ግማሹ «አቅራቢው ነው» ይላል፣ ግማሹ «ራውተሩ አርጅቷል» ይላል። ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ የሚያናድደኝ ግን ማንም ሳይለካ ገንዘብ ማውጣቱ ነው።

«ማታ ብቻ ስለሆነ አቅራቢው ነው» ማለት

ማታ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ስለሚገባ የአቅራቢው መስመር ሊጨናነቅ ይችላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን በዚያው ሰዓት ሌሎች ሁለት ነገሮችም አብረው ይጨናነቃሉ። አንደኛው አየሩ ነው። በአንድ ብሎክ ውስጥ በየቤቱ ራውተር አለ፣ ብዙዎቹም በ2.4 ጊጋኸርዝ ይሠራሉ። እዚያ ላይ እርስ በርስ የማይነካኩ ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። ዋይፋይ ተራ ይጠብቃል፤ በአንድ ቻናል ላይ የጎረቤት ራውተር ሲናገር የእናንተው ዝም ብሎ ይጠብቃል። ሁለተኛው የራሳችሁ መስመር ነው። ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ስልኮቹ የቀኑን ፎቶና ቪዲዮ ወደ ላይ መጫን ይጀምራሉ፣ አፕሎዱ ደግሞ ከዳውንሎዱ ያነሰ ስለሚሆን ቶሎ ይሞላል። ስለዚህ ሰዓቱ ሦስቱንም ያስጠረጥራል፤ አንዱን ለይቶ አይጠቁምም።

መኝታ ቤት ሆኖ በስልክ መለካት

ስለዚህኛው ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ በየሳምንቱ አየዋለሁና። አንድ ሰው አልጋው ላይ ጋደም ብሎ፣ በሁለት ግድግዳ ማዶ ካለ ራውተር፣ በስልኩ ስፒድ ቴስት ይሠራል፤ 2 ሜጋቢት ሲያይ ለአቅራቢው ይደውላል። ያ ቁጥር የግድግዳው፣ የጎረቤቶች ዋይፋይ፣ የራውተሩና የአቅራቢው ድምር ነው። ከድምሩ ውስጥ የማን ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ከቁጥሩ ላይ ማንም ሊያነብ አይችልም። እባካችሁ ላፕቶፕ ፈልጉ፣ ኬብል ፈልጉ፣ ራውተሩ ላይ ሰኩ። ከጎረቤት የተዋሳችሁት ኬብልም ይበቃል።

ከዚያ መንገዱን ሁለት ቦታ ቆርጣችሁ ለኩ፦ ከእናንተ እስከ ራውተሩ፣ ከራውተሩ ወዲያ። ፒንግ ትንሽ መልእክት ልኮ መልሱ በስንት ሚሊሰከንድ እንደተመለሰ ይነግራችኋል፤ 8.8.8.8 ደግሞ ከሕንፃው ውጭ ያለ የጉግል ሰርቨር ነው። ዊንዶውስ ላይ Command Prompt ከፍታችሁ እነዚህን ጻፉ፦

```
ping -n 50 192.168.1.1
ping -n 50 8.8.8.8
```

የራውተራችሁ አድራሻ የተለየ ከሆነ `ipconfig` ብላችሁ `Default Gateway` የሚለውን እዩ። የመጀመሪያው በኬብል ከ1 ሚሊሰከንድ ብዙም ማለፍ የለበትም። የሁለተኛው ቁጥር ከመስመር መስመር ስለሚለያይ ቀን ላይ ለክታችሁ መዝግቡት፤ የምታወዳድሩት ከዚያ ጋር ነው።

አንድ ብሎክ ላይ አምስት ቤተሰቦች በአንድ መስመር ተጋርተው ነበር፤ ራውተሩ ሦስተኛ ፎቅ አንዲት እናት ቤት ተቀምጧል። ከመጠራቴ በፊት ፓኬጁን ከ10 ወደ 25 ሜጋቢት አሳድገዋል፣ ምሽቱ ግን አልተለወጠም። «ልጄ፣ በየወሩ እየጨመርን ነው የምንከፍለው፣ እንግዲህ ምን እናድርግ?» አሉኝ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ አራተኛ ፎቅ ወጥቼ በዋይፋይ ራውተሩን ብቻ ለካሁ፦ ከ4 ሚሊሰከንድ እስከ 400 ይዘላል፣ ከ50 ውስጥ 6ቱ ጠፍተዋል። ገና ከሕንፃው አልወጣንም! ወደ እሳቸው ቤት ወርጄ በኬብል ስሰካ ራውተሩ ከ1 ሚሊሰከንድ በታች መለሰ። ሁሉም እየተጠቀመ ሳለ ግን ቀን 70 ገደማ የነበረው 8.8.8.8 ከ600 በላይ ደረሰ።

እዚህ ላይ ብቆም ኖሮ አቅራቢውን በከሰስኩ ነበር። እሳቸውን አስፈቅጄ ዋይፋዩን አጠፋሁ፣ ከእኔ ላፕቶፕ በስተቀር ሌላውን ኬብል ሁሉ ነቀልኩ። 8.8.8.8 ወዲያው ወደ 70ው ተመለሰ፣ ስፒድ ቴስቱም 23 ሜጋቢት አሳየ። በዚያ ምሽት በዚያ ሰዓት የአቅራቢው መስመር ጤነኛ ነበር። የተዘጋው አፕሎዱ ነው፤ ለአራተኛ ፎቅ ደግሞ አየሩ ተጨምሮበታል። ወደ ላይ ኬብል ዘረጋን፣ እሳቸው ቤት ያሉትን ስልኮች ወደ 5 ጊጋኸርዝ አዛወርን፣ ራውተሩ ላይ ያለውን የአፕሎድ ገደብ ከተለካው ፍጥነት ወደ 85 በመቶ ዝቅ አደረግነው። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ሁሉም እየተጠቀመ 8.8.8.8 ከ110 አላለፈም።

ሁሉም ሲጠቀም፣ በኬብልም ቢሆን፣ ራሱ ራውተሩ መልስ ማዘግየት ከጀመረ ወይም የራውተሩ ገጽ አልከፈት ካለ፣ ያን ጊዜ ራውተሩ ደካማ ነው በሉ። እሱን መቀየር ያዋጣል።

አጥፍቶ ማብራትን እንደ ማስረጃ መያዝ

«አጥፍቼ ሳበራው ይስተካከላል፤ ስለዚህ ራውተሩ ነው።» እኔም በዚህ ተሳስቻለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ቤተሰብ በዚህ ምክንያት አዲስ ራውተር እንዲገዛ መከርኩ፤ ምሽቱ እንደነበረው ቀጠለ፣ ገንዘቡንም ከኪሴ መለስኩላቸው። ራውተሩ ሲጠፋ የሁሉም ሰው ግንኙነት ይቋረጣል፣ ፎቶ የሚጭነውም ቪዲዮ የሚያወርደውም ይቆማል። ሲበራ ደግሞ ሌላ ቻናል ሊመርጥ ይችላል። ስለዚህ መስመሩ ቢጨናነቅም፣ አየሩ ቢጨናነቅም፣ ራውተሩ ቢደክምም ለጥቂት ጊዜ ፍጥነቱ ሊመለስ ይችላል። ሦስቱንም ሊያሽል የሚችል ነገር አንዱን አይለይም።

በየክፍሉ ሪፒተር መደርደር። ብዙዎቹ የሚቀበሉትን በዚያው ቻናል መልሰው ስለሚናገሩ በተጨናነቀ አየር ላይ ጭንቅንቅ ይጨምራሉ። ኬብል ዘርጉ።

ቻናል 3 ወይም 4 ባዶ ነው ብሎ መግባት። ባዶ አይደለም፤ ከ1ም ከ6ም ጫጫታ ይደርሰዋል።

የቅርቡን ስፒድ ቴስት ብቻ ማመን

ስፒድ ቴስት በራሱ የሚመርጠው የቅርብ ሰርቨር ብዙ ጊዜ የአቅራቢው የራሱ ነው። እሱ ጥሩ ሲሆን ከቤታችሁ እስከ አቅራቢው ያለው መንገድ ጥሩ ነው ማለት ነው፤ ከዚያ ወደ ውጭ የሚወጣው መስመር ግን ገና አልተለካም። ውጭ አገር ያለ ሰርቨር መርጣችሁ ድገሙት። የቅርቡ ፈጥኖ የሩቁ ማታ ማታ ብቻ ከወደቀ ጭንቅንቁ ከአቅራቢው ወዲያ ማዶ ነው፤ ምንም ዓይነት ራውተር አያድነውም።

እስከ 8.8.8.8 ድረስ በመንገዱ ላይ ያሉትን ራውተሮች በየተራ የሚዘረዝረውን `tracert -d 8.8.8.8` የምትጠቀሙም መሃል ላይ አንዱ ራውተር ከፍ ያለ ቁጥር ስላሳየ አትደንግጡ። የአቅራቢ ራውተሮች ለፒንግ መልስ መስጠትን ወደ ኋላ ያስቀራሉ። ከዚያ ነጥብ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ያሉት ሁሉ ከፍ ካሉ ብቻ ነው ነገሩ የሚያሳስበው።

ሳይመዘግቡ ማመልከት

ሌላ ሕንፃ ላይ በኬብል፣ በአንድ ላፕቶፕ፣ ሌላው ሁሉ ተነቅሎ ስለካ ራውተሩ ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ይመልሳል፤ ስፒድ ቴስቱ ግን ቀን 24 ሜጋቢት፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት 3 ሜጋቢት ነበር። ሦስት ምሽት ተመሳሳይ ሆነ። ይሄ የአቅራቢው ነው። ነዋሪዎቹ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ደውለው «ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት» ተብለው ቀርተዋል። በሦስተኛው ጊዜ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ «በኬብል፣ አንድ ላፕቶፕ ብቻ» የሚለውን ማስታወሻና የሁለቱን ፒንጎች ውጤት በአንድ ገጽ ጽፈን ሄድን። ቴክኒሻን ተመደበ፣ እሱም የመጣው ጠዋት ሳይሆን እንደጠየቅነው ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ነው።