በሂሳብ ውድድር የሽልማት ቀን ደረጃ ላላገኙ ተማሪዎች የሚሆን ንግግር እንዴት ይዘጋጃል?

የትምህርት ቤት የሂሳብ ውድድር ሲጠናቀቅ ወደ መድረክ የሚጠሩት አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ልጆች ናቸው። ሠላሳ ልጆች ተወዳድረው ከነበረ ሃያ ሰባቱ ተቀምጠው ያጨበጭባሉ። ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ለእነዚህ ሃያ ሰባት ልጆች ጥቂት ደቂቃ እንዲናገሩ የተጠየቁ መምህር፣ ርዕሰ መምህር ወይም ወላጅ ከሆኑ ንግግርዎን ከፈተናው ወረቀት ያስነሱ። «በርቱ፣ ተስፋ አትቁረጡ» የሚለው ቃል ለሩጫም ለመዝሙር ውድድርም ይሆናል። ልጁ ያን ዕለት እርሳሱን ነክሶ የታገለው ግን ከአንድ የሂሳብ ጥያቄ ጋር ነው። ስለዚያ ጥያቄ ሲያነሱለት ጆሮውን ይሰጥዎታል።

መጀመሪያ የታረመውን ወረቀት ይዩ

ከሽልማቱ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብለው አራሚዎቹ መምህራን ወረቀቱን እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። የአሸናፊዎቹን ለብቻ ያስቀምጡና የቀሩትን ይግለጡ። የሚያዩት የመጨረሻውን መልስ ሳይሆን ከጎኑ የተሰላውን፣ የተሰረዘውንና የተደለዘውን ነው። የሚፈልጉት ብዙዎች መልሱን የሳቱበትን፣ ግን ከሳቱትም መካከል ደህና ጀምረው መንገድ ላይ የቀሩ ያሉበትን ጥያቄ ነው። ሁሉም ባዶ የተዉት ጥያቄ ለንግግር አይሆንም፤ ስለ ልጆቹ ሥራ የሚናገሩት ነገር አይኖርዎትምና።

ሁለተኛው መስፈርት ጥያቄው በጆሮ ብቻ የሚገባ መሆኑ ነው። ሥዕል የሚፈልግ የጂኦሜትሪ ጥያቄ ወይም ረጅም የአልጀብራ ስሌት አዳራሽ ውስጥ ኋላ ለተቀመጠ ልጅ አይደርስም። ቁጥሮቹ ትንንሽ፣ ታሪኩ ልጆቹ የሚያውቁት ቢሆን ይመረጣል።

ውድድሩ በምርጫ መልስ ብቻ ከነበረ ልጆቹ ያሰሉበት ወረቀት ሳይጣል አይቀርም። ስለዚህ ፈታኞቹ የማስሊያውን ወረቀት አብረው እንዲሰበስቡ ከውድድሩ በፊት ይንገሯቸው። ካመለጠዎትም ብዙዎች የመረጡት የተሳሳተ መልስ ራሱ ስህተቱ ከየት እንደመጣ ይነግርዎታል።

አንድ ጥያቄ በምሳሌ

ሰባተኛው ጥያቄ እንዲህ ይላል እንበል፦ «አንድ ሚኒባስ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ዳገቱን በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ወጣ። በዚያው መንገድ ሲመለስ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ወረደ። የደርሶ መልሱ አማካይ ፍጥነት ስንት ነው?» ለሁለቱ ከተሞች ልጆች የሐረጎ ዳገት ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ መኪና ሲወጣ ምን ያህል እንደሚያቃስት ያውቃሉ።

ወረቀቶቹን ሲያገላብጡ ምናልባት አራት ዓይነት ሥራ ያገኛሉ። አብዛኞቹ 30 እና 60ን ደምረው ለሁለት አካፍለው 45 ብለዋል። ሌሎቹ «ርቀቱ አልተሰጠም» ብለው ጽፈው አልፈውታል። ጥቂቶች ርቀቱን 30 ኪሎ ሜትር ነው ብለው ራሳቸው መርጠው፣ መውጫውን 60 ደቂቃ፣ መውረጃውን 30 ደቂቃ ካወጡ በኋላ 60 ኪሎ ሜትርን ለ90 አካፍለው 0.67 ላይ ቆመዋል። አራተኞቹ ደግሞ ምንም አልጻፉም።

ትክክለኛው መልስ 40 ነው። 60 ኪሎ ሜትር በአንድ ሰዓት ተኩል ሲሄድ በሰዓት 40 ይሆናል። የተመረጠው ርቀት ሌላ ቢሆንም መልሱ አይለወጥም። 45 የማይሆነው ሚኒባሱ በዝግታ የሄደበት ጊዜ በፍጥነት ከሄደበት እጥፍ ስለሆነ ነው፤ አማካዩም ወደ 30 ይሳባል። 0.67 ያለው ልጅ እንዲያውም አልተሳሳተም፤ ያገኘው በደቂቃ የተሄደውን ኪሎ ሜትር ነው፤ ሳያጠጋጋ በ60 ቢያባዛው 40 ይመጣለት ነበር። «ርቀቱ አልተሰጠም» ያለው ልጅም የጎደለውን ነገር አይቷል፤ የቀረው አንድ ምቹ ቁጥር ራሱ መርጦ መቀጠል ነበር። ለንግግሩ የሚያስፈልግዎት እነዚህን ሁለቱን ልጆች የሚመለከተው ቦታ ነው።

ንግግሩን መጻፍ

ሰላምታውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርሱ፤ የክብር እንግዶቹን መድረክ መሪው አስቀድሞ ጠርቷቸዋል። ቀጥሎ በቀጥታ ወደ ጥያቄው ይግቡ። ለምሳሌ፦

«ልጆች፣ ሽልማቱ ከመሰጠቱ በፊት ወደ ሰባተኛው ጥያቄ ልመልሳችሁ። ሐረጎን በ30 የወጣውን፣ በ60 የወረደውን ሚኒባስ ታስታውሳላችሁ? ብዙዎቻችሁ 45 ብላችኋል። እስቲ አሁን አብረን እንሳፈር። መንገዱን 30 ኪሎ ሜትር እንበለው። ስንወጣ አንድ ሰዓት ተቀመጥን። ስንወርድ ግማሽ ሰዓት። 60 ኪሎ ሜትር በአንድ ሰዓት ተኩል፤ በሰዓት ስንት ሆነ?»

እዚህ ላይ ዝም ይበሉ። አምስት ሰከንድ ያህል ይጠብቁ፤ ከአዳራሹ «አርባ!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ካልመጣ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ይድገሙ እንጂ መልሱን አይቸኩሉበት። ድምፁ ከመጣ በኋላ ወደ ወረቀቶቹ ይመለሱ፦

«ወረቀታችሁን አይቻለሁ። ስድስታችሁ ‹ርቀቱ አልተሰጠም› ብላችሁ ጽፋችኋል። እውነታችሁን ነው፣ አልተሰጠም። ይህን ያየ ልጅ ጥያቄውን በደንብ አንብቧል። ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣባችሁ የሚመቻችሁን ቁጥር ራሳችሁ ምረጡና ሞክሩ፤ ቀጥሎ በሌላ ቁጥር ድገሙት። መልሱ ካልተለወጠ ርቀቱ መጀመሪያውኑ አያስፈልግም ነበር ማለት ነው። አራታችሁ ደግሞ 0.67 ላይ ቆማችኋል። ያ ቁጥር ትክክል ነው፤ የጎደለው አሃዱ ነው። ነጥብ አልተሰጣችሁም፣ ጥያቄው በሰዓት ስለጠየቀ እርማቱ ልክ ነው። ከባዱን እርምጃ ግን ማንም ሳይነግራችሁ ሠርታችኋል፤ እኔም ወረቀታችሁ ላይ አይቼዋለሁ።»

ስድስትና አራት የሚሉት ቁጥሮች እዚህ ለምሳሌ የገቡ ናቸው፤ የእርስዎን ቆጥረው ይተኩ። ሁለት ልጆች ከሆኑ «ሁለታችሁ» ይበሉ። ቁጥሩን ከፍ አድርገው ቢናገሩ ልጆቹ ከአዳራሽ ሲወጡ እርስ በእርስ ይጠያየቃሉ፣ ቁጥሩ እንደማይገጥምም ይደርሱበታል። ስም ግን አይጥሩ። ወረቀቱ የእሱ የሆነ ልጅ ራሱን ያውቃል፤ በሌሎች ፊት «የተሳሳተው» ተብሎ መታወቅን ማንም አይወድም።

ምንም ላልጻፉት ልጆችም አንድ ነገር ይተዉ። እነሱን «ሞክራችኋል» ብሎ ማሞገስ ሐሰት ስለሚሆን በማግስቱ የሚሠራ ነገር ይስጧቸው፦ «ባዶ ለተዋችሁት፣ መንገዱን በአንድ መስመር ሳሉት፤ ከላዩ 30፣ ከታቹ 60 ጻፉበት። ከዚያ ‹ስንት ሰዓት ፈጀ?› ብላችሁ ጠይቁ።»

ከንግግሩ የሚወጡ ነገሮች

«ሁላችሁም አሸናፊ ናችሁ» የሚለውን ይተዉት። ሂሳብ የተወዳደሩ ልጆች ከሠላሳ ሦስት ብቻ እንደተሸለሙ ቆጥረው ያውቃሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚሉትንም በጥርጣሬ ያዳምጡታል። ይልቅ እውነቱን ይንገሯቸው፦ ሽልማቱ ሦስት ነው፣ ሠላሳውም እኩል ቢዘጋጁ እንኳ ሃያ ሰባቱ አይሸለሙም።

«ለሚቀጥለው ዓመት ተዘጋጁ» ሲሉም ማን እንደተቀመጠ ያስቡ። የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ክልላዊ ፈተና ወስደው፣ የ12ኛዎቹ ደግሞ ብሔራዊ ፈተና ወስደው ይሄዳሉ። ለእነሱ በዚያ ትምህርት ቤት የሚቀጥለው ዓመት የለም። በዓመቱ ላይ ያልተንጠለጠለ ነገር ይስጧቸው፤ ከታች የሚመጣው የቤት ጥያቄ ለዚህ ይሆናል።

አንስታይን በልጅነቱ ሂሳብ ይወድቅ ነበር የሚለው ተረት በየሽልማት ቀኑ ይነገራል፤ እውነት አይደለም። አንስታይን 15 ዓመት ሳይሞላው ካልኩለስ ጨርሶ ነበር። ስልክ ያለው ልጅ በዚያው ቀን ሊያጣራው ይችላል። የሰው ታሪክ የግድ ካስፈለገዎ የአንድሩ ዋይልስን ይውሰዱ። ከ350 ዓመት በላይ ሳይረጋገጥ የኖረውን የፌርማን የመጨረሻ ቲዎረም አረጋገጥኩ ብሎ በ1993 ካምብሪጅ ላይ አቀረበ። በዚያው ዓመት ማረጋገጫው ውስጥ ክፍተት ተገኘ። የቀድሞ ተማሪው ከነበረው ሪቻርድ ቴይለር ጋር ሆኖ በ1994 ክፍተቱን ደፈነው፤ ሥራውም በ1995 ታተመ (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይህ ታሪክ 0.67 ላይ ከቆመው ልጅ ጋር ይሄዳል፤ ብዙው ሥራ ትክክል ሆኖ አንድ ቦታ ላይ ጎድሎ ነበርና። በሦስት ዓረፍተ ነገር ይጨርሱት፤ ከረዘመ ጥያቄያቸውን ያስረሳቸዋል።

ሰዓቱና ቦታው

ንግግሩ ከሽልማቱ በፊት እንዲሆን መድረክ መሪውን ይጠይቁ። ሽልማቱ ከተሰጠ በኋላ ፎቶ ይጀመራል፣ ወላጆች ይነሳሉ፣ እርስዎ የሚያናግሯቸው ልጆችም ቀድመው የሚወጡት ናቸው። ርዝመቱ ከአራት ደቂቃ አይለፍ። እቤት ጮክ ብለው፣ ዝም የሚሉበትን አምስት ሰከንድ ጨምረው በሰዓት ይለኩት። ቁጥሮቹን በትልቁ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ይያዙ፤ ስልክ ላይ አይተማመኑ። መብራት ከጠፋና ማይክራፎኑ ከተዘጋ ከመድረክ ወርደው ወደ መሃል ይግቡ።

በመጨረሻ ይህችን የቤት ጥያቄ ይስጧቸው፦ «ሚኒባሱ በ30 ወጥቷል። የደርሶ መልሱ አማካይ ፍጥነት 60 እንዲሆን በስንት መውረድ አለበት?» መልሱን የት እንደሚያመጡም በግልጽ ይናገሩ። ዝግጅቱ ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት ከሆነ ለሂሳብ መምህራቸው ወይም ለሂሳብ ክበብ ያምጡ። የመዝጊያው ቀን ከሆነ ግን «ሰኞ አምጡ» ማለት አይሠራም፤ ፕሮግራሙ እንዳለቀ በር ላይ ጠመኔ ይዘው ከአንድ ሰሌዳ አጠገብ ይቁሙ።

የሚመጡት ልጆች መጀመሪያ «90» ይላሉ። ተሳስተሃል አይበሉ፤ ጠመኔውን ይስጡትና በ90 ወርዶ ያስላው። 30 ኪሎ ሜትሩን በ20 ደቂቃ ይወርዳል፣ ጠቅላላው 80 ደቂቃ ይሆናል፣ አማካዩም 45 ይወጣል። ቀጥሎ 120 ይሞክራል፤ 48 ይመጣለታል። ቁጥሩን እየጨመረ ሲሄድ 60 እንደማይደርስ ሲያይ አንድ ጥያቄ ብቻ ያንሱለት፦ 60 ኪሎ ሜትር በአማካይ 60 ለመሄድ ጠቅላላው ስንት ሰዓት ይፈቀዳል? አንድ ሰዓት ነው። ያ አንድ ሰዓት ደሴ ሲደርስ አልቋል።