ዓይንና ቆዳ ቢጫ ሲሆኑ መንስኤውን እንዴት መለየት ይቻላል? በአዋቂዎችና በአራስ ሕፃናት

በተለምዶ የወፍ በሽታ የሚባለው የዓይንና የቆዳ ቢጫ መሆን ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም። ቢሊሩቢን የተባለ ቢጫ ቀለም በደም ውስጥ ከመጠን በላይ መከማቸቱን የሚያሳይ ምልክት ነው። መንስኤዎቹ ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ያለ ሕክምና የሚያልፉ ሲሆኑ አንዳንዶቹ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ሕክምና ካላገኙ ዘላቂ ጉዳት ያስከትላሉ። ቤት ውስጥ ሆኖ መንስኤውን በእርግጠኝነት መናገር ባይቻልም፣ ቢጫው መቼ እንደጀመረ በማስታወስና የሽንቱንና የሰገራውን መልክ በማየት ብቻ ችግሩ በየት በኩል እንዳለና ምን ያህል እንደሚያስቸኩል ብዙ ማወቅ ይቻላል።

ለዚህም የቢሊሩቢንን መንገድ ማወቅ ይጠቅማል። ቀይ የደም ሕዋሳት ዕድሜያቸውን ጨርሰው ሲፈርሱ ቢሊሩቢን ይፈጠራል። ይህ ቢሊሩቢን በውሃ ስለማይሟሟ ኩላሊት ሊያስወጣው አይችልም። ጉበት ከደም ተቀብሎ በውሃ ወደሚሟሟ ዓይነት ከለወጠው በኋላ በሐሞት ቱቦ አድርጎ ወደ አንጀት ይልከዋል፤ ሰገራም የተለመደ ቡናማ መልኩን የሚያገኘው ከዚሁ ነው። በመሆኑም ቢጫነት የሚመጣው ወይ ደም ከልክ በላይ ሲፈርስ፣ ወይ ጉበቱ ሥራውን መሥራት ሲያቅተው፣ ወይም ሐሞት የሚወርድበት ቱቦ ሲዘጋ ነው።

በመጀመሪያ፣ ቢጫው እውነተኛ መሆኑን ያረጋግጡ

ምርመራው በቀን ብርሃን፣ በመስኮት አጠገብ ይሁን፤ የአምፖል ብርሃን፣ በተለይ ቢጫማው፣ ያሳስታል። አዋቂ ሰው ከሆነ ወደ ታች እንዲመለከት ያድርጉና የላይኛውን የዓይን ቆብ በቀስታ ወደ ላይ ይሳቡ። በብዙ ሰዎች፣ በተለይም ቆዳቸው ጠቆር ባለ ሰዎች ዘንድ፣ ለፀሐይና ለአቧራ የተጋለጠው የዓይን ነጭ ክፍል በጊዜ ብዛት ቡናማ ወይም ቢጫማ ነጠብጣብ ይይዛል። ይህ ከቢሊሩቢን ጋር አይገናኝም። በቆቡ ሥር ተሸፍኖ የኖረው ክፍል ንጹሕ ነጭ ከሆነ የሚያሳስብ ነገር ላይኖር ይችላል፤ ቢጫው እዚያም ድረስ እኩል ተዳርሶ ከታየ ግን እውነተኛ ነው። መዳፍና የእግር ውስጥ ብርቱካንማ ቢጫ ሆኖ ዓይን ነጭ ከቀረ ደግሞ መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ካሮትንና መሰል አትክልቶችን አብዝቶ መመገብ ነው፤ ምክንያቱም የካሮት ቀለም ዓይንን ቢጫ አያደርግም።

በአዋቂ ሰው ዓይን ላይ ቢጫው መታየት የሚጀምረው የቢሊሩቢን መጠን በዴሲሊትር ደም ከ2 እስከ 3 ሚሊግራም ገደማ ሲደርስ ነው፤ ጤናማው መጠን ከ1 ብዙም አይበልጥም። አራስ ሕፃን ግን ዓይኑን ጨፍኖ ስለሚውል ቆዳው ይታያል። ግንባሩን ወይም ደረቱን በጣት ለአፍታ ተጭኖ መልቀቅ፣ ደሙ ሸሽቶ ከሥር ያለው ቀለም እንዲታይ ያደርጋል። ቆዳው ጠቆር ላለ ሕፃን ድዱንና የዓይኑን ነጭ ክፍል መመልከት ይሻላል። ቢጫው ከፊት ጀምሮ ወደ እግር እንደሚወርድ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ እስከ የት እንደደረሰ አይቶ መጠኑን መገመት ልምድ ያላቸውን የጤና ባለሙያዎችንም ያሳስታል። መጠኑ የሚታወቀው በደም ምርመራ ወይም በቆዳ ላይ በሚደረግ መለኪያ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ሽንቱንና ሰገራውን ይመልከቱ

ጉበት ያልለወጠው ቢሊሩቢን ወደ ሽንት አያልፍም። ስለዚህ ዓይኑ ቢጫ፣ ሽንቱ ግን እንደወትሮው የሆነ አዋቂ ችግሩ ጉበት ቢሊሩቢኑን ከመለወጡ በፊት ነው፤ ደሙ እየፈረሰ ነው፣ አለዚያም ጊልበርት የተባለው ጉዳት የማያስከትል የዘር ውርስ አለበት። ጊልበርት ያለባቸው ሰዎች ሲጾሙ፣ ሲታመሙ ወይም ሲደክሙ ዓይናቸው በመጠኑ ቢጫ ብሎ መልሶ ይጠራል፤ ሕክምናም አያስፈልጋቸውም።

ሽንቱ እንደ ደማቅ ሻይ ከጠቆረ ግን፣ በውሃ የሚሟሟው ቢሊሩቢን ወደ አንጀት መሄድ ሲገባው ወደ ደም እየተመለሰ ነው ማለት ነው፤ ይህም ጉበቱ መታመሙን ወይም ቱቦው መዘጋቱን ያመለክታል። በዚህ ላይ ሰገራው ቡናማነቱን አጥቶ አመድማ ወይም ነጣ ያለ ከሆነና ሰውነት የሚያሳክክ ከሆነ የቱቦ መዘጋት ይበልጥ ይጠረጠራል። አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል፦ ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካንማ ቀይ ያደርጋል፤ ይህ የመድኃኒቱ ቀለም እንጂ በራሱ የጉበት ሕመም አይደለም። መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቶች ጉበትን ሊጎዱ ስለሚችሉ በዚያው ቀን ወደ ሐኪሙ መሄድ አለበት።

በአዋቂዎች፣ አብሮ የመጣውን ምልክት ያገናዝቡ

ትኩሳት፣ ድካም፣ ማቅለሽለሽና የምግብ ፍላጎት ማጣት ለጥቂት ቀናት ቀድመው ቢጫው ከተከተለ ሄፓታይተስ ይጠረጠራል፤ የአልኮል መጠጥና ከመጠን በላይ የተወሰደ ፓራሲታሞልም ጉበትን በተመሳሳይ ሁኔታ ይጎዳሉ። በቀኝ ጎን ከጎድን አጥንት በታች የሚነሣ ከባድ ሕመም የሐሞት ጠጠር ቱቦውን መዝጋቱን ሊያሳይ ይችላል። ብዙዎች ሕመም ከሌለ ችግሩ ቀላል ነው ብለው ያስባሉ፤ በቢጫ ጉዳይ ይህ አስተሳሰብ አደገኛ ነው። በመካከለኛና ከዚያ በላይ ዕድሜ ባለ ሰው ላይ ያለ ምንም ሕመም ቀስ በቀስ እየደመቀ የሚሄድ ቢጫ፣ ከክብደት መቀነስ ጋር ሲመጣ፣ የቆሽት ራስ ካንሰር ቱቦውን ከውጭ እየተጫነው ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ በአልትራሳውንድና በደም ምርመራ መታየት አለበት።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ሁኔታዎችም አሉ። ቢጫ ከብርድ ብርድ ማለትና ከትኩሳት ጋር ከመጣ የሐሞት ቱቦው ሊመረቅዝ ይችላል፤ በወባ ምክንያትም ሊሆን ይችላል። ቢጫ የሆነው ሰው ንግግሩ ከተምታታ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ወይም ያለ ምክንያት ከደማ ጉበቱ እየከዳው ነው። ነፍሰ ጡር ሴትም ቢጫ ከሆነች ምልክቱ ቀላል ቢመስልም በዚያው ቀን መታየት ይኖርባታል።

በአራስ ሕፃን፣ ዕድሜውን በሰዓት ይቁጠሩ

ከአራስ ሕፃናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመጀመሪያው ሳምንት በመጠኑ ቢጫ ይሆናሉ። የሕፃኑ ደም ቶሎ ቶሎ ይፈርሳል፤ ጉበቱ ደግሞ ገና አልበረታም። ይህ የተለመደው ቢጫ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ጀምሮ፣ ጊዜውን ጠብቆ በተወለደ ሕፃን ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ይበረታና በሁለት ሳምንት ውስጥ ይጠፋል።

በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የታየ ቢጫ ግን ፈጽሞ እንደ ተለመደ አይቆጠርም። ለምሳሌ እናቲቱ የደም ዓይነቷ ኦ፣ የሕፃኑ ደግሞ ኤ ወይም ቢ ሲሆን፣ አለዚያም እናቲቱ አርኤች ኔጌቲቭ ሆና ሕፃኑ ፖዘቲቭ ሲሆን፣ ከእናት የተሻገሩ የመከላከያ ፕሮቲኖች የሕፃኑን ደም ያፈርሳሉ። ኢንፌክሽንም በዚህ ጊዜ ይጠረጠራል። ጠዋት ላይ በጥቂቱ የታየ ቢጫ እስከ ማታ ከአደገኛው መጠን ሊደርስ ስለሚችል ሕፃኑ በሰዓታት ውስጥ የደም ምርመራ ያስፈልገዋል።

አደጋው ያልተለወጠው ቢሊሩቢን ወደ አንጎል መግባቱ ነው። ሕፃኑ ለመጥባት አለመነሣት፣ ከእንቅልፉ አለመንቃት፣ ሰውነቱ መልፈስፈስ፣ ቆይቶም በቀጭን ድምፅ ያለማቋረጥ ማልቀስና ጀርባውን ወደ ኋላ መለመጥ ይጀምራል። ከዚህ የሚተርፍ ሕፃን መስማት የተሳነው ወይም እንቅስቃሴው የታወከ ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ እንደታየ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ይገባል።

ቢጫው በልኩ የሆነ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ጡት ይጥባ፤ ቢሊሩቢን በዋናነት የሚወጣው በሰገራ ነውና። ውሃም ሆነ የስኳር ውሃ መስጠት ጥቅም የለውም፤ እንዲያውም የሚጠባውን ወተት ያሳንሳል። ፀሐይ ላይ ማስተኛትም በስፋት የሚመከር ቢሆንም መጠኑን መቆጣጠር ስለማይቻልና ሕፃኑን ለብርድ ወይም ለቃጠሎ ስለሚያጋልጥ የሆስፒታሉን ሰማያዊ ብርሃን አይተካም። የብርሃን ሕክምናው መነሻ የአንዲት ነርስ አስተውሎት ነበር። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በሮችፎርድ ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ፀሐይ የነካው የሕፃን ገላ ነጥቶ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ የቆየው ቢጫ እንደሆነ መቅረቱን አየች። በዚሁ ምክንያት ብርሃን ላይ የቆየ ሕፃን ቆዳው ጠራ ማለት ደሙ ጠራ ማለት አይደለም፤ ሕክምናው ከቆመ በኋላም ደሙ እንደገና ይለካል።

ከሁለት ሳምንት ያለፈ ቢጫ

የ25 ቀን ዕድሜ ያላት አንዲት ሕፃን እንውሰድ። ጊዜዋን ጠብቃ ተወልዳለች፤ ጡት በደንብ ትጠባለች፤ ክብደቷም ይጨምራል። ዓይኗ ግን አሁንም በጥቂቱ ቢጫ ስለሆነ ዘመዶች «የጡት ወተት ቢጫ ነው፣ ይለቃታል» ይላሉ። ግምቱ መሠረት የለሽ አይደለም፤ ጡት በሚጠቡ ጤናማ ሕፃናት ላይ ቢጫው ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። እናቲቱ ዳይፐሩን በቀን ብርሃን ስታይ ግን ሰገራው ነጣ ያለ ክሬም መልክ አለው፤ ሽንቱም ዳይፐሩን ቢጫ አድርጎ ያቀልመዋል። የአራስ ሕፃን ሽንት ቀለም አልባ፣ ሰገራውም ቢጫ ወይም አረንጓዴ መሆን ስለሚገባው ይህ የጡት ወተት ቢጫ ሊሆን አይችልም።

በምርመራው ጠቅላላው ቢሊሩቢን 9፣ ከዚያ ውስጥ ጉበት የለወጠው 5 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሆኖ ይገኛል። ጠቅላላው ቁጥር ለብቻው ቢታይ አያስደነግጥም ነበር፤ የለወጠው ክፍል ከ1 መብለጡ ግን ሐሞት መውረድ እንዳቃተው ያሳያል። በዚህ ጊዜ ዋናው ጥርጣሬ የሐሞት ቱቦ መደፈን ነው፤ ሐሞቱ እንዲወርድ የሚደረገው ካሳይ የተባለው ቀዶ ሕክምናም ሕፃኑ 60 ቀን ሳይሞላው ሲሠራ የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ይህች ሕፃን የቀራት ጊዜ 35 ቀን ነው። ስለዚህ ጊዜውን ጠብቆ የተወለደ ሕፃን ቢጫው ከ14 ቀን፣ ያለጊዜው የተወለደ ደግሞ ከ21 ቀን ካለፈ፣ ቢወፍርና ቢጠባም እንኳ፣ የቢሊሩቢን ምርመራው ሁለቱን ዓይነቶች ለይቶ እንዲሠራ ሐኪሙን መጠየቅ ይገባል። ሰገራው ነጣ ካለ ግን እነዚህን ቀናት መጠበቅ አያስፈልግም፤ የሰገራውን ፎቶ በቀን ብርሃን አንሥቶ ወይም ዳይፐሩን ይዞ በዚያው ቀን መሄድ ለሐኪሙ ከብዙ ገለጻ ይልቅ ይጠቅመዋል።